የሱቅ ርክክብ ማስታወሻ፦ በክፍል ተለይቶ እንደገና የተጻፈ

ገርጂ የሚገኘው ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ፣ ሰኔ 28
ለተረካቢው ኃላፊ

አስረካቢው የተዉት ማስታወሻ ነገሩ ትዝ ባላቸው ቅደም ተከተል በእጅ የተጻፈ ስለነበር የስኳሩ ቆጠራ ከዱቤው፣ ዱቤው ከዳቦ ቤቱ ጋር ተደባልቋል። እዚህ በአራት ክፍል ተለይቷል። አሃዞቹ ሰኔ 27 ማታ አስረካቢው ባሉበት ከተደረገው ቆጠራና ከሒሳብ መዝገቡ ጋር ተመሳክረዋል። ማስታወሻውና ቆጠራው ባልተስማሙበት ቦታ ሁለቱም ተጽፈዋል፤ የሚፈርሙት ግን በቆጠራው ላይ ነው።

ዕቃ

ስኳር፦ ማስታወሻው ባለ 50 ኪሎ 7 ጆንያ ይላል። የተገኘው 6 ያልተከፈተና 18 ኪሎ የቀረው 1 ጆንያ ነው። የተከፈተው እንደ ሙሉ ተቆጥሮ ነበር። አንዱ ጆንያ በኪሎ ሲታሸግ 49 ኪሎ ያህል ነው የሚወጣው፤ ቀሪው በመፍሰስና በሚዛን ማመዘን ይሄዳል። ዋጋ ሲያወጡ በ49 ያካፍሉ።

ዘይት፦ ባለ 5 ሊትር 22፤ 12ቱ በ3 ካርቶን፣ 10ሩ መደርደሪያ ላይ። ፓስታ፦ 9 ካርቶን፣ በካርቶኑ 20። ከነዚህ 2 ካርቶን ነሐሴ ላይ ጊዜያቸው ያልፋል፤ ከኋላ ስለነበሩ ወደ ፊት ወጥተዋል። አዲስ ዕቃ ሲገባ ሁልጊዜ ከኋላ ይደርደር።

የዱቄቱ ጆንያ ከጓሮ ክፍሉ ግድግዳ አንድ ክንድ ርቆ ጣውላ ላይ ይቀመጥ። ያ ግድግዳ በክረምት ውኃ ያሰርጋል፤ ጆንያው ከነካው ዱቄቱ ከሥሩ ይጓጉላል፣ ከላይ ሲያዩት ግን ደህና ይመስላል።

የለስላሳ ሳጥን፦ የሱቁ 14 ነው። 5 ሙሉ፣ 6 ባዶ፣ 1 በሽያጭ ላይ፣ 2 (48 ጠርሙስ) ለሰፈሩ ዕድር በውሰት የተሰጠ። የውሰቱ ሳጥን ማስታወሻው ላይ አልነበረም። ሳይመለስ ቢቀር ጉድለቱ በእርስዎ ላይ እንዳይቆጠር ከዕድሩ ጸሐፊ የተፈረመ ወረቀት ተያይዟል።

አቅራቢዎች

የዘይት አከፋፋዩ ማክሰኞ ይመጣል፤ በጥሬ ገንዘብ ነው፣ ደረሰኝ ይሰጣል። ካርቶኑን ሾፌሩ ሳይሄድ ከፍተው ይዩ፤ ከሄደ በኋላ የሚያፈስ ጀሪካን አይመልስም። ለስላሳ ሰኞና ሐሙስ፣ በባዶ ልክ ብቻ። ስኳር ከመርካቶ በራስ ማጓጓዣ ነው የሚመጣው።

ዳቦ ቤቱ በየቀኑ 120 ዳቦ ያመጣል፤ ካልተሸጠው እስከ 10 ድረስ በዚያው ቀን ማታ መልሶ ይወስዳል። ወተት በጾመ ሐዋርያት ወደ 15 ከረጢት ወርዷል። ሐምሌ 5 ስለሚፈታ ሐምሌ 4 ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ደውለው ወደ 40 ያስመልሱ፤ እንቁላሉንም 4 ትሪ ያሳዝዙ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ይቀንሱ። ከዚህ ውጭ ረቡዕና ዓርብ 15 ይበቃል።

ዕዳና ዱቤ

ሱቁ የሚከፍለው 22,360 ብር ነው፦ ለፓስታ አከፋፋዩ 18,400፣ ለዳቦ ቤቱ 3,960 (ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፈላል)። ማስታወሻው ለፓስታው 24,400 ይላል፤ ሰኔ 19 በባንክ የገባው 6,000 ሳይቀነስ ቀርቷል። ደረሰኙ ተገኝቶ ተያይዟል፤ አከፋፋዩ በድሮው ቁጥር ከጠየቀ ያሳዩት።

ሱቁ የሚሰበስበው 31,750 ብር ከ23 ደንበኞች ነው። 19ኙ ደመወዝ ሲወጣ የሚከፍሉ ናቸው፣ በድምሩ 14,250። የቀሩት 4 ሰዎች ሦስት ወር ያለፈው 17,500 አለባቸው፤ ግማሹን ሳይከፍሉ አዲስ ዱቤ አይስጡ። የዱቤው ደብተር ላይ «አናጢው»፣ «የፎቁ ልጅ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ስለነበር አሁን ሙሉ ስምና ስልክ ተሞልቷል። በሁለቱ ላይ ክርክር የተነሣው ዕቃውን ሲወስዱ ስላልፈረሙ ነው። ከእንግዲህ በየመስመሩ ደንበኛው ይፈርም፤ ጣሪያው ለአንድ ሰው 1,500 ብር ነው።

የባለቤቱ ቤተሰብ የወሰደው 2,300 ብር ከደንበኞች ዱቤ ወጥቶ በሌላ ገጽ ሰፍሯል። የሚወራረደው ከባለቤቱ ጋር ስለሆነ ከ31,750ው ጋር አይደምሩት።

የዕለት ሥራ

ጠዋት 12:30 ይከፈታል። መጀመሪያ ሚዛኑን ባዶውን ዜሮ መሆኑን፣ ቀጥሎ በ1 ኪሎ መመዘኛ ያረጋግጡ። ለመልስ 2,000 ብር በዝርዝር መሳቢያው ውስጥ ይደር።

በቴሌብር ሲከፈል ደንበኛው የሚያሳየውን ስክሪን አይመኑ፤ መልእክቱ በሱቁ ስልክ መግባቱን አይተው ዕቃውን ይስጡ። መብራት ሲጠፋ የወተቱን ፍሪጅ ደጋግመው አይክፈቱ።

ማታ 3 ሰዓት ሲዘጋ መሳቢያው የሚቆጠረው እንዲህ ነው፦ 2,000 ሲደመር የጥሬ ገንዘብ ሽያጭ፣ ሲደመር የተከፈለ ዱቤ፣ ሲቀነስ ከመሳቢያው የወጣ ክፍያ። በሰኔ ሦስት ጊዜ «ጎደለ» ተብሎ የተጻፈው ለዳቦ ቤቱና ለተሸካሚ የተከፈለ ሳይመዘገብ በመቅረቱ ነው። ስለዚህ 20 ብርም ቢሆን ሲወጣ ምክንያቱ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ብሩ በነበረበት ቦታ ይቀመጥ። ሦስቱም ቁልፎች ከዚህ ጋር ተሰጥተዋል፤ የጓሮው ቁልፍ በሩን ወደ ራስ ሳብ ካላደረጉት አይዞርም።