የቶክሲኮሎጂ ፈተና መልስ፦ ፓራሲታሞል ጉበትን እንዴት ይጎዳል? አሴቲልሲስቴንስ ለምን ያድናል?

ጥያቄ 2 (20 ነጥብ)

የ32 ዓመት ሴት ናት። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ክብደቷ 50 ኪሎ ነው። ጥርሷን አሟት ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ በቅጡ አልበላችም። ትናንት ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ሕመሙ በተነሣ ቁጥር ስትውጥ፣ ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል 24 ፍሬ ወስዳለች። ደሴ ወዳለ ሆስፒታል የመጣችው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። ሁለቴ አስመልሷታል። የጉበት ሴል ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረው ኤኤልቲ 38 ነው፤ የደም መርጋትን የሚያሳየው አይኤንአር ደህና ነው። «አሁን ተሽሎኛል፣ ልሂድ» ትላለች።

ሀ) መድኃኒቱ ጉበትን የሚጎዳበትን መንገድ አስረዳ። ለ) አሴቲልሲስቴን የሚሠራበትን ምክንያት አስረዳ። ሐ) ወደ ቤቷ ትልካታለህ?

መልስ

ሀ) መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ጉበትን የሚገድለው ፓራሲታሞል ራሱ አይደለም። የሚገድለው ጉበት ከፓራሲታሞል የሚሠራው ናፕኪ የተባለ ውጤት ነው። የጥያቄው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። መርዙ የሚፈጠረው እዚያው ሴሉ ውስጥ ስለሆነ መከላከያውም እዚያው መድረስ አለበት።

በተለመደው መጠን አብዛኛው ፓራሲታሞል በሁለት መንገድ ይወገዳል። ወይ ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር ይጣመራል፣ ወይ ከሰልፌት ጋር። ሁለቱም ምንም አይጎዱም፤ በሽንት ይወጣሉ። ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ግን በሳይቶክሮም ኤንዛይሞች፣ በተለይ በሲዋይፒ2ኢ1፣ ወደ ናፕኪ ይለወጣል። ናፕኪ ኤሌክትሮን የሚፈልግ ቁጡ ሞለኪውል ነው። ያገኘውን የሰልፍሃይድሪል ቡድን ይይዛል። ደግነቱ ሴሉ ውስጥ ግሉታታይን አለ። ግሉታታይን ቀድሞ ይይዘውና ጉዳት የሌለው ውህድ ሆኖ በሽንት ይወጣል። በትክክለኛው መጠን ለወሰደ ሰው መድኃኒቱ ደህና የሆነው ለዚህ ነው።

መጠኑ ሲበዛ ቀድሞ የሚሞላው የሰልፌቱ መንገድ ነው። ከዚያ የግሉኩሮኒክ አሲዱም አቅም ያጥረዋል። የተረፈው መድኃኒት ወደ ሲዋይፒ2ኢ1 ይገፋል፤ ናፕኪ ይበዛል። የግሉታታይን ክምችት እንደ ጎተራ እህል ነው፦ ከሚገባው የሚወጣው ሲበልጥ ያልቃል። ክምችቱ ከመደበኛው ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ናፕኪ የሚይዘው ያጣል። ያኔ ወደ ሴሉ ፕሮቲኖች፣ በተለይም ለሴሉ ኃይል ወደሚያመነጨው ወደ ሚቶኮንድሪያ ፕሮቲኖች ይዞራል። ከሲስቴናቸው ጋር በማይላቀቅ ሁኔታ ይጣበቃል።

ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ጉዳቱ ግን አላበቃም። የተጎዳው ሚቶኮንድሪያ ፐርኦክሲናይትራይትን የመሳሰሉ ኦክሲዳንቶችን ያመነጫል። ጄኤንኬ የተባለው የምልክት መስመር ይነሣና ውጥረቱን ያባብሰዋል። በመጨረሻ የሚቶኮንድሪያው ሽፋን ይከፈታል፣ የሴሉ ኃይል የሆነው ኤቲፒ ይቋረጣል፣ ሴሉ በኔክሮሲስ ይሞታል። ጉዳቱ የሚጀምረው በማዕከላዊው ደም ሥር ዙሪያ፣ ማለትም በዞን 3 ነው። ሲዋይፒ2ኢ1 በብዛት የሚገኘው፣ ግሉታታይን ደግሞ የሚያንሰው እዚያ ነውና። ኩላሊትም በተመሳሳይ መንገድ ሊጎዳ ይችላል።

ይህችን ሴት የሚያሳስበኝ መጠኑ ብቻ አይደለም። 24 ፍሬ ማለት 12,000 ሚሊግራም ነው፤ በክብደቷ ሲካፈል በኪሎ 240 ሚሊግራም። አሳሳቢ ከሚባለው በኪሎ 150 ሚሊግራም በጣም ያልፋል። በዚያ ላይ ሁለት ቀን አልበላችም። ያልበላ ሰው ግሉታታይን የሚሠራበት ሲስቴን ያንሰዋል። ግሉኩሮኒክ አሲድም የሚሠራው ከስኳር ክምችት ስለሆነ እሱም ይቀንሳል። እሷ የጀመረችው ገና ከመነሻው በጎደለ ክምችት ነው። አልኮል የሚያዘወትር ወይም እንደ ፌኒቶይን ያሉ ኤንዛይም ቀስቃሽ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰውም ተመሳሳይ ስጋት አለበት።

ለ) «ታዲያ ግሉታታይኑን ራሱን ለምን አንሰጥም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ግሉታታይን እንዳለ ወደ ጉበት ሴል በደንብ አይገባም። አሴቲልሲስቴን ግን ይገባል። ከገባ በኋላ አሴቲሉ ይነሣለትና ሲስቴን ይሆናል። ግሉታታይን የሚሠራው ከግሉታሜት፣ ከሲስቴንና ከግላይሲን ነው። ከሦስቱ የሚያጥረው ሲስቴን ነው፤ የምርቱን ፍጥነት የሚወስነውም እሱ ነው። ስለዚህ የጎደለውን ሰጠን ማለት ነው፤ ሴሉ ግሉታታይኑን ራሱ ይሠራል።

ሌሎች ጥቅሞችም አሉት። ሰልፈር ስለሚሰጥ የሰልፌቱን መንገድ ያግዛል። ከናፕኪ ጋር በቀጥታም ይያያዛል። ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ኦክሲዳንቶችን ይቀንሳል፣ በትናንሽ ደም ሥሮች የደም ዝውውርን ያሻሽላል፣ ለሚቶኮንድሪያም የኃይል ምንጭ ይሆናል። ዘግይቶም ቢሆን የምንሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ጊዜ ግን ወሳኝ ነው። በ8 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ከከባድ የጉበት ጉዳት ሙሉ በሙሉ ይጠብቃል ለማለት ይቻላል። ግሉታታይኑ ሳያልቅ ይደርሳላ! ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ዜሮ ግን አይሆንም። ከፕሮቲን ጋር የተጣበቀውን ናፕኪ አያላቅቅም፣ የሞተ ሴልም አይመልስም።

ሐ) አልልካትም። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ማቅለሽለሽና ማስመለስ ብቻ ሊኖር ይችላል፤ ጭራሽ ምንም የማይሰማውም አለ። ከ24 እስከ 72 ሰዓት ድረስ የሆድ ሕመሙ ቀንሶ ሰው ተሻለኝ ሲል ኤኤልቲ ይወጣል፤ በስተቀኝ ከጎድን በታች ሕመም ይጀምራል። ከ72 እስከ 96 ሰዓት ጉዳቱ ጣሪያ ይነካል፦ ቢጫነት፣ የደም አለመርጋት፣ መደናገር። ዛሬ ኤኤልቲ 38 መሆኑ ጉበቷ ተርፏል አያሰኝም። ገና ነው።

ደም ውስጥ ያለውን የፓራሲታሞል መጠን ከሰዓቱ ጋር አያይዞ ሕክምና ያስፈልግ እንደሆነ የሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመው የረማክና ማቲው ቻርት የተሠራው በአንዴ፣ በታወቀ ሰዓት ለወሰደ ሰው ነው። እሷ በ6 ሰዓት ውስጥ እየደጋገመች ስለወሰደች በቻርቱ ተማምኜ ሕክምናውን አልከለክልም። ከመጀመሪያው ፍሬ 14 ሰዓት፣ ከመጨረሻው 8 ሰዓት አልፏል። የላቦራቶሪ ውጤት ሳልጠብቅ እጀምራለሁ። አክቲቭ ከሰል አሁን ጊዜው አልፏል።

በደም ሥር፦ በኪሎ 150 ሚሊግራም በ1 ሰዓት፣ ከዚያ 50 በ4 ሰዓት፣ ከዚያ 100 በ16 ሰዓት። ለእሷ 7,500፣ 2,500 እና 5,000 ሚሊግራም ይሆናል። የደም ሥሩ መድኃኒት ከሌለ በአፍ፦ መጀመሪያ በኪሎ 140 ሚሊግራም፣ ከዚያ በየ4 ሰዓቱ 70፣ 17 ጊዜ። ሽታው ይከብዳል። ካስመለሳት የማስመለስ መከላከያ ሰጥቼ እደግማለሁ። በደም ሥር ሲሰጥ ማሳከክ፣ መቅላት ወይም የደረት መጨናነቅ ካመጣ አቆማለሁ፣ የአለርጂ መድኃኒት እሰጣለሁ፣ ሲረጋጋ ቀስ ብዬ እቀጥላለሁ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ አለርጂ ስላልሆነ ሕክምናውን ለዘለቄታው ማቋረጥ ትልቅ ስህተት ነው።

21 ሰዓቱ ሲያበቃ ኤኤልቲ፣ አይኤንአር፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየውን ክሬአቲኒን እና ፓራሲታሞልን ደግሜ አያለሁ። ኤኤልቲ እየወጣ ከሆነ ወይም መድኃኒቱ ደም ውስጥ ካለ መስጠቱን እቀጥላለሁ። ፈሳሽ ከተሰጣት በኋላም የደሟ ፒኤች ከ7.3 በታች ከሆነ፣ ወይም አይኤንአር ከ6.5 በላይ፣ ክሬአቲኒን ከ3.4 ሚሊግራም በላይ በዴሲሊትር እና ከባድ መደናገር አንድ ላይ ከተገኙ፣ ጉበቷ ያለ ንቅለ ተከላ የመዳን ዕድሉ ጠባብ ስለሆነ ሳልዘገይ ከፍተኛ ማዕከል አነጋግራለሁ።

ጥርሷም አይረሳ። ኩላሊቷ አደጋ ላይ እያለ አይቡፕሮፌን አልሰጣትም። ሆስፒታል እያለች በአካባቢ ማደንዘዣ የጥርስ ሐኪም እንዲያያት እጠይቃለሁ፤ ሕመሙ ካልቆመ እቤቷ ስትገባ ወደዚያው ክኒን መመለሷ አይቀርም።