ቧንቧው ባዶ ቢሆንም ዝጉት

እንደምን አደራችሁ ልጆች! ዛሬ ከሰልፍ ቶሎ አላሰናብታችሁም። አሥር ደቂቃ ብቻ ታገሡኝ። ፀሐይ ያገኛችሁ ወደ ጥላው ጠጋ በሉ።

ባለፈው ሰኞ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ሽንት ቤቱ ውሃ አልነበረውም። ረፋድ 4 ሰዓት ሲሆን በበሩ ማለፍ እንኳ ከበደ። ከምሳ በኋላ ሁለት ሴት ልጆች መጥተው ወደ ቤት ለመሄድ ፈቃድ ጠየቁኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፣ ገብቶኛል። ሄዱ። የሒሳብ ክፍለ ጊዜም አመለጣቸው።

ያን ቀን ብዙዎቻችሁ «ውሃ ጠፍቶ ነው» ስትሉ ሰማሁ። ውሃ ግን መጥቶ ነበር። ለሰኞ አጥቢያ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ መጥቷል። አርብ ዕለት ከመካከላችን አንድ ሰው እጁን ሊታጠብ ከሮቶው አጠገብ ያለውን ቧንቧ ከፈተ። ጠብ የሚል ነገር የለም። እንደተከፈተ ትቶት ሄደ። ውሃው ሲመጣ ወደ ሮቶው አልወጣም፣ በዚያ ቧንቧ ፈሰሰ። የጥበቃ አባታችን ንጋት 11 ሰዓት ላይ ግቢውን ሊጠርጉ ሲወጡ ውሃው በበሩ ሥር አልፎ አስፋልት ደርሷል። ሮጠው ዘጉት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የእኛ ፈረቃ አለቀ። ሮቶው ውስጥ የቀረው ከጉልበት አይበልጥም ነበር።

ማን እንደሆነ አልፈልግም። ማናችንም ልንሆን እንችላለን። ባዶ ቧንቧ ከፍተን «ኤጭ!» ብለን ትተነው የምንሄድ ብዙ ነን። በፈረቃ ዘመን ግን ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

አዲስ አበባ የምትጠጣው በአብዛኛው ከሁለት ዓይነት ቦታ ነው። አንደኛው ግድብ ነው፤ ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳ። ሁለተኛው በአቃቂ በኩልና በሌሎችም ቦታዎች የተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው። ግድቦቹን የሚሞላው የክረምት ዝናብ ነው። አሁን ሚያዝያ ላይ ነን። ዛሬ ጠዋት ፊታችሁን የታጠባችሁበት የግድብ ውሃ ከሆነ፣ አብዛኛው ባለፈው ሐምሌና ነሐሴ የዘነበ ነው። እስከሚቀጥለው ክረምት የሚያደርሰንም እሱው ነው። የአቃቂው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አቃቂ ከከተማው ታች ናት። ውሃው ወደ ላይ የሚወጣው በፓምፕ ነው፣ ፓምፑም መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ውሃም አብሮ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሕዝቡ በዛ፣ ሕንፃው በዛ፣ ውሃው ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። ስለዚህ ሰፈር ለሰፈር በፈረቃ ይከፋፈላል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ውሃ ቁልቁለት ይወዳል። መስመሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያገኙት ታች ያሉት ናቸው። እናንተ ከግንፍሌና ከቀበና የምትመጡት ቶሎ ይደርሳችኋል። ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ ያሉ ጓደኞቻችሁ ግን የሚጠብቁት መስመሩ ውስጥ ግፊት እስኪኖር ነው። ታች ብዙ ቧንቧ ክፍት ከሆነ ግፊቱ ይወርዳል። ላይ ያለው ሰው ቧንቧው ፉጨት ብቻ ያሰማዋል፣ ከዚያ ፈረቃው ያልቃል። እናቱም ጀሪካን ይዛ ትወጣለች። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ከእናንተ መካከል ጠዋት ያንን ተሸክሞ የሚመጣ ልጅ አለ። ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ አይቼዋለሁ።

አሁን ይህችን ጠርሙስ እዩ። ግማሽ ሊትር የምትይዝ ሃይላንድ ናት። ሐሙስ ዕለት ከቤተ ሙከራው ጀርባ ካለችው፣ ጠብ ጠብ ከምትለው ቧንቧ ሥር አስቀመጥኳት። በሰዓቴ ያዝኩ። 40 ደቂቃ ላይ ጢም አለች። የ7ኛ ክፍል ልጆች፣ አስሉልኝ። በቀን 24 ሰዓት፣ ማለትም 1,440 ደቂቃ። ለ40 ሲካፈል 36። ሠላሳ ስድስት ግማሽ ሊትር ስንት ነው? አዎ፣ 18 ሊትር። ውሃ ሳይቋረጥ ቢውልና ቢያድር አንድ ጀሪካን ሊሞላ ምንም አይቀረው። ምክንያቱ ደግሞ ያለቀች ጎሚኒ ናት። ቅዳሜ ተቀይራለች።

ቤት ስትሄዱ ይህን አድርጉ። ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃ ከሌለ ወዲያው ዝጉ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ዙሩና እዩ። ጥርስ ስትቦርሹ በኩባያ ቅዱ። አትክልት የታጠበበትን አትድፉት፣ ለሽንት ቤት ይሆናል። የልብስ እጣቢም ወለል ይወለውላል። ውሃ ከቀናት በኋላ ሲመጣ መጀመሪያ ደፍርሶ ነው የሚመጣው። መስመሩ ባዶ ሲሆን ዝገትና ቆሻሻ ይዞ ስለሚቆይ ነው። እሱን አትጠጡት፤ ግን ወደ ቦይ አትልቀቁት፣ በባልዲ ያዙትና ለሽንት ቤት አውሉት። የሚጠጣውን ሲጠራ ቅዱ። ጀሪካኑን መጀመሪያ እጠቡት፣ ክዳኑንም ግጠሙ። በርሜል ከሆነ እጃችሁን አትንከሩበት፣ እጀታ ባለው ጣሳ ጨልፉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። እጅ በመታጠብ ላይ አትቆጥቡ! ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ውሃ ልቆጥብ ብዬ ነው» ብሎ ሳይታጠብ ምሳውን ከፈተ። በልቡ ቅን ነው፣ ግን ተሳስቷል። በ2008 ክረምት እዚሁ ከተማችን ውስጥ አተት ገብቶ ነበር። ብዙዎቻችሁ ገና ሕፃናት ነበራችሁ፣ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። እጅ አርጥቡ፣ ቧንቧውን ዝጉ፣ በሳሙና በደንብ እሹ፣ እንደገና ከፍታችሁ ተለቃለቁ። በጆግ የሚያስታጥብ ሰው ካለ ደግሞ ያነሰ ውሃ ይበቃል። ምግብ ቤት በር ላይ በየተራ አስታጥቡ፣ አያቶቻችን እንግዳ የሚያስታጥቡት እንዲህ ነበር።

ከዛሬ ጀምሮ የቧንቧ ተረኛ ይኖረናል። በዚህ ሳምንት 7ኛ ለ ነው። በዕረፍት ሰዓትና ከመውጣታችን በፊት ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ስድስቱንም ቧንቧዎች ትዞራላችሁ። አርብ ደግሞ ከጥበቃ አባታችን ጋር ሆናችሁ ትጨርሳላችሁ። የሚያንጠባጥብ ካገኛችሁ በዚያው ቀን ለእኔ ንገሩኝ።

ሁላችሁም ደግሞ የቤት ሥራ አላችሁ። ቤታችሁ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ ሥሩ ጠርሙስ አስቀምጡና በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ጽፋችሁ አምጡ። ከሌለ ጎረቤት ጠይቁ። ረቡዕ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ እንደምረዋለን። ደወሉም ተደወለ። 7ኛ ለ፣ እናንተ ቅሩ፣ ቧንቧዎቹን አብረን ዞረን እናያለን። ሌሎቻችሁ በረድፍ ግቡ።