ለእንቁጣጣሽ ሁለት ጋቢ እንሸልማለን!

ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ሞቅ ያለ ነገር እንስጣችሁ አልን። ሽልማቱ ሽሮ ሜዳ የተሸመነ፣ አራት እጥፍ የእጅ ፈትል ጋቢ ነው። ዳርና ዳሩ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ጥለት አለው። ሁለት አሸናፊዎች አንዳንድ ይወስዳሉ።

ለመሳተፍ ገጻችንን ፎሎው አድርጉ። ከዚያ ኮሜንት ላይ ጋቢውን ለማን እንደምታለብሱትና ለምን እንደሆነ ጻፉልን። አለቀ። መግዛት አይጠበቅባችሁም፤ ጓደኛ ታግ ማድረግም ግዴታ አይደለም።

አንድ ሰው የሚገባው አንድ ጊዜ ነው። አሥር ጊዜ ቢጽፍም አንድ ዕጣ ብቻ ይኖረዋል። ዕድሜ ከ18 ዓመት በላይ። የሱቃችን ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው አይሳተፉም። መግቢያው ጳጉሜን 3 ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ዕጣው ጳጉሜን 4 ከምሽቱ 2 ሰዓት በላይቭ ይወጣል። የሁሉንም ስም ወረቀት ላይ ጽፈን፣ እኩል አጣጥፈን ሞሶብ ውስጥ እንጨምራለን። የሚያወጣው ሱቃችን የመጣ ደንበኛ ነው፤ እኛ እጃችንን አናስገባም። ጽሑፉ ስላማረ ወይም ላይክ ስለበዛበት የሚያሸንፍ የለም።

አሸናፊው በ48 ሰዓት ውስጥ ካልመለሰልን ሌላ ዕጣ እናወጣለን። ክፍለ ሀገር ላላችሁ የመላኪያውን እኛ እንችላለን። ውጭ አገር ያላችሁም ግቡ፤ ብታሸንፉ አገር ቤት ላለ ዘመዳችሁ እናደርሳለን።

ኢንስታግራም በዚህ ውድድር የለበትም። እባካችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ለሽልማት ብለን ብር፣ የባንክ ቁጥርም ሆነ የሚስጥር ኮድ አንጠይቅም። «አሸንፈሃል፣ ይህን ያህል ላክ» የሚላችሁ ካለ ብሎክ አድርጉትና ንገሩን።