ካሬ ቆጥሮ ኢሲጂ ማንበብ

ነገ ራውንድ ላይ የኢሲጂ ወረቀት ሲሰጣችሁ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚሮጠው ማሽኑ ከላይ ወደጻፈው ንባብ ነው። አውቃለሁ፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ። እሱን በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑት። በመጨረሻ ታዩታላችሁ።

ዛሬ ይዤው የመጣሁት ወረቀት የአንዲት የ58 ዓመት እናት ነው። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ። አራት ቀን ሲያስቀምጣቸው ከርሞ፣ ድካም ጸንቶባቸው መጡ።

መጀመሪያ ስምና ሰዓቱን አረጋግጡ። የሌላ ሰው ኢሲጂ በደንብ ማንበብ ለማንም አይጠቅምም። ቀጥሎ የወረቀቱን ፍጥነት እዩ፦ በሴኮንድ 25 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ከሆነ ትንሿ ካሬ 0.04 ሴኮንድ፣ ትልቋ 0.2 ሴኮንድ ናት። ወደ ላይ ደግሞ 10 ሚሊሜትር 1 ሚሊቮልት ነው። ሌላው ሁሉ ቆጠራ ነው።

አሁን የልብ ምቱ ፍጥነት። ጥቁር መስመር ላይ ያረፈ የአር ጫፍ ፈልጉ። እስከሚቀጥለው አር ድረስ ስንት ትልልቅ ካሬ አለ? እኚህ እናት ላይ 4 ነው። 300ን ለ4 ስናካፍል በደቂቃ 75 ይሆናል። ከ60 እስከ 100 ባለው ውስጥ ስለሆነ ደህና ነው። ይሄ ግን የሚሠራው ምቱ እኩል ሲራራቅ ብቻ ነው። ከተዘበራረቀ፣ የታችኛው ረጅም መስመር አብዛኛውን ጊዜ 10 ሴኮንድ ስለሆነ፣ እዚያ ያሉትን ኪውአርኤሶች ቆጥራችሁ በ6 አባዙ። 14 ከሆኑ 84 ማለት ነው።

ሪትም ላይ ሁለት ጥያቄ አለ። እኩል ይራራቃል ወይ? የቁራጭ ወረቀት ጠርዝ አስጠግታችሁ ሦስት አር ላይ ምልክት አድርጉና ወደ ቀኝ አንሸራትቱት። ከገጠመ እኩል ነው። ሁለተኛው፣ ከእያንዳንዱ ኪውአርኤስ በፊት ፒ አለ ወይ? ያ ፒ ሊድ ሁለት ላይ ወደ ላይ፣ ኤቪአር ላይ ወደ ታች ከሆነ ሳይነስ ነው። የእሳቸው ሁለቱንም ያሟላል። ፒ ጠፍቶ ርቀቱ ምንም ሥርዓት ከሌለው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን አስቡ። በሪውማቲክ የልብ ሕመም ሚትራል ቫልቫቸው የጠበበ ወጣቶች በሞሉበት ዋርድ ብዙ ታዩታላችሁ። ሊድ አንድ ላይ ሁሉም ነገር ተገልብጦ፣ ኤቪአር ወደ ላይ ከሆነ ግን ከመደንገጣችሁ በፊት የእጅ ገመዶቹ ተቀያይረው እንደሆነ እዩ።

አክሲስ ተማሪን የሚያስፈራው በከንቱ ነው። ሊድ አንድንና ኤቪኤፍን ብቻ እዩ። ሁለቱም ላይ ኪውአርኤስ በአብዛኛው ወደ ላይ ከሆነ ኖርማል ነው። ሊድ አንድ ወደ ታች፣ ኤቪኤፍ ወደ ላይ ከሆነ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው። የእኛዋ እናት ሊድ አንዳቸው ወደ ላይ፣ ኤቪኤፋቸው ትንሽ ወደ ታች ነው። እዚህ ጋ ብዙ ተማሪ ቸኩሎ "ሌፍት አክሲስ" ይላል። ቆይ! ሊድ ሁለትን እዩ። እሱ ወደ ላይ ከሆነ አክሲሱ ገና ከ−30 አላለፈም፤ ኖርማል ነው። የእሳቸውም ወደ ላይ ነው።

ኢንተርቫሎቹ ቀሩ። ፒአር ከፒ መነሻ እስከ ኪውአርኤስ መነሻ ነው፤ ከ3 እስከ 5 ትንንሽ ካሬ ይጠበቃል። የእሳቸው 4፣ ማለትም 160 ሚሊሴኮንድ ነው። ኪውአርኤስ ከ3 ካሬ ማነስ አለበት፤ የእሳቸው 2 ነው።

ኪውቲ ላይ ግን ቀስ በሉ። ከኪውአርኤስ መነሻ እስከ ቲ መጨረሻ ነው። የእሳቸው ቲ ጠፍጣፋ ነው፤ ቪ2 እና ቪ3 ላይ ደግሞ ከኋላው ሌላ ትንሽ ጉብታ ትከተላለች። ዩ ናት፤ አትቁጠሯት። የቲውን ቁልቁለት በእርሳስ አስረዝሙና መነሻ መስመሩን የሚነካበት ላይ አቁሙ። 11 ካሬ፣ 440 ሚሊሴኮንድ ሆነ። ለልብ ምቱ እናስተካክለው፤ አርአር 0.8 ሴኮንድ ነው፦

```
QTc = QT / √RR = 440 / √0.8 ≈ 492
```

ለሴት ከ460፣ ለወንድ ከ450 በላይ ረዝሟል እንላለን። በዓይን ለመገመት ደግሞ ኪውቲ ከአርአር ግማሽ ማለፍ የለበትም፤ እዚህ ከ20 ካሬ 11 ነው፣ አልፏል። ይሄ ቀመር ልብ በጣም ሲፈጥን ያጋንናል፤ በ75 ግን እናምነዋለን።

አሁን አውራ ጣታችሁን አንሱ። ማሽኑ "ኖርማል ኢሲጂ" ብሏል። ጠፍጣፋዋን ቲ ቶሎ ጨርሷት ይሆናል።

ሲጠየቁ ለተቅማጡ ከፋርማሲ ሲፕሮፍሎክሳሲን ገዝተው እየወሰዱ ነበር፤ እሱም ኪውቲ ያረዝማል። ፖታሲየማቸው 2.7 ሆኖ መጣ። ሲፕሮውና የግፊት መድኃኒቱ ቆሙ፣ ፖታሲየም ተጀመረ፣ የማግኒዚየም ምርመራ ተላከ። ነገ ጠዋት ሁለተኛ ኢሲጂ ይነሳላቸዋል፤ ካሬውን የምትቆጥሩት እናንተ ናችሁ።