ስላይድ ዐሥራ አራት

የባንኩ የዳይሬክተሮች ቦርድ የ2017 በጀት ዓመትን አፈጻጸም ለመገምገም የሚሰበሰበው ሐምሌ 17 ቀን ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ላይ ነበር። በፋይናንስ መምሪያ በተለማማጅነት የተመደበችው ማርታ በዚያ ጠዋት የተሰጣት ሥራ ቀላል ነበር፤ የሃያ ሁለቱን ስላይዶች የገጽ ቅደም ተከተል አይታ፣ የተዛባ ፊደል ካለ አርማ ወደ ማተሚያ ክፍል መላክ። ቁጥሮቹን እንድትመረምር ያዘዛት አልነበረም።

ሆኖም ዘጠነኛው ስላይድ ላይ ለአጠራጣሪ ብድሮች የተያዘው መጠባበቂያ ካለፈው ዓመት በአንድ ሦስተኛ ያህል ማደጉን አንብባ ስታበቃ፣ ዐሥራ አራተኛው ስላይድ የተበላሹ ብድሮች ምጣኔ ከ4.4 በመቶ ወደ 3.7 በመቶ መውረዱን ይናገር ነበር። ብድር የመክፈያ ቀኑ ካለፈ ዘጠና ቀን ሲሞላው ወደ ተበላሸ ምድብ ይገባል፤ ሲገባም ባንኩ መጠባበቂያውን ከፍ አድርጎ መያዝ ይኖርበታል። እነዚህ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ አብረው የሚወጡና አብረው የሚወርዱ መሆናቸውን በትምህርት ቤት በደንብ ተምራዋለች። አንዱ እየጨመረ ሌላው የሚቀንስበት ምክንያት ይኖር ይሆናል ብላ ለማሰብ ሞከረች፤ አሳማኝ ምክንያት ግን አላገኘችም።

ስላይዱ የተሠራበትን የኤክሴል ሰነድ ከጋራ ማኅደሩ ከፈተች። የቅርንጫፎች ዝርዝር ከስድስተኛው መስመር ጀምሮ እስከ መቶ ዐሥራ ዘጠነኛው ይወርዳል። የጠቅላላ ብድሩ ድምር ሁሉንም መስመሮች ይዟል፤ 48.2 ቢሊዮን ብር። የተበላሹ ብድሮች ድምር ግን እንዲህ ነበር የተጻፈው፦

```
=SUM(F6:F112)
```

ከመቶ ዐሥራ ሦስት እስከ መቶ ዐሥራ ዘጠኝ ያሉት ሰባት መስመሮች በመጋቢት ወር ራሱን ችሎ የተቋቋመው የጅማ ዲስትሪክት ቅርንጫፎች ነበሩ። በእነርሱ ላይ የተመዘገበው የተበላሸ ብድር 680 ሚሊዮን ብር ነው። ሲደመር 1.78 ቢሊዮን የነበረው 2.46 ቢሊዮን ሆነ፤ ምጣኔውም 5.1 በመቶ። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ይህን ምጣኔ ከአምስት በመቶ በታች እንዲይዙ እንደሚጠይቅ ታውቃለች። ስሌቱን በወረቀት ላይ ደግማ ሠራችው፤ ልቧ በኃይል ይመታ ነበር።

ሰነዱን ያዘጋጀችው ወይዘሮ ሰናይት ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በቂ እንቅልፍ አላገኘችም። ማርታ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ወይዘሮ ሰናይት፣ አንድ ነገር አብረው ቢያዩልኝ ብዬ ነው። ምናልባት እኔ ያልገባኝ ይኖር ይሆናል» አለቻት።

ሰናይት ፎርሙላውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። አልተቆጣችም። እጇን ግንባሯ ላይ ጫነችና «አዲሶቹን ቅርንጫፎች ከታች ስጨምር የብድሩን ድምር አስተካክዬ ይህኛውን ረስቼዋለሁ» አለች። ከዚያም ተነሥታ «ነይ፣ አብረን እንግባ። ያገኘሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ታስረጂያለሽ» ብላ ወደ መምሪያው ኃላፊ ወደ አቶ ግርማ ቢሮ ይዛት ገባች።

አቶ ግርማ ሰምተው ሲጨርሱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ጥፋተኛው ማን ነው የሚል አልነበረም። «የቅርንጫፎቹ ቁጥር ራሱ ትክክል ነው?» አሉ። ከዚያ ወረቀቷን ወስደው አሰሉና ተስፋ በሚመስል ድምፅ «ከሃምሳ ሚሊዮን ትንሽ በለጥ ያለ ብድር ተመልሶ ሳይመዘገብ ቀርቶ ከሆነ ከአምስት በታች እንወርዳለን። ሰባቱንም ቅርንጫፎች ደውላችሁ ጠይቁ፤ የደረሰኙን ፎቶ ሳትቀበሉ ምንም እንዳትጽፉ» አሉ።

ቀጣዮቹ ሁለት ሰዓታት በስልክ አለፉ። የሚዛን ቅርንጫፍ መስመር እየተቋረጠ አስቸገረ። የበደሌው ሥራ አስኪያጅ የቦርድ ጉዳይ መሆኑን እስኪያምን ድረስ አቶ ግርማ ራሳቸው ማነጋገር ነበረባቸው። ከአጋሮ የተገኘው መልስ ግን ቢሮውን በሙሉ አነቃቃ፤ አንድ ቡና ላኪ ሰኔ 27 ቀን 20 ሚሊዮን ብር ከፍሎ ዕዳውን ዘግቷል፤ ገንዘቡ በሌላ ሒሳብ ላይ እንደተቀመጠ ወደ ብድሩ ሳይዘዋወር ቀርቶ ነው። ምጣኔው 5.06 ሆነ። አሁንም ከአምስት በላይ ነው።

ወደ 6 ሰዓት ገደማ ቦንጋ ደወለ። በዚያም አንድ ተበዳሪ 40 ሚሊዮን ብር ከፍሎ ዕዳውን ጨርሷል። ሰናይት ወዲያውኑ አስልታ «4.99» አለች፤ አቶ ግርማም ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ማርታ ግን ከቦንጋ የተላከላትን የደረሰኝ ፎቶ በስልኳ ላይ አስፍታ እያነበበች ነበር። ደስታቸውን ማቋረጥ ከባድ ሆኖባት ለአፍታ ዝም አለች። በወሩ መጨረሻ የልምምድ ውጤቷን የሚሞሉላት እኚሁ ሰው ናቸው፤ ይህም በአእምሮዋ አልፏል።

«አቶ ግርማ፣ ደረሰኙ ላይ ያለው ቀን ሐምሌ 3 ነው» አለች።

በቢሮው ውስጥ ማንም አልተናገረም። በጀት ዓመቱ የተዘጋው ሰኔ 30 ነው። አቶ ግርማ ስልኩን ተቀብለው ቀኑን ራሳቸው አነበቡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አነበቡ። ገንዘቡ የእውነት ገብቷል። ተበዳሪው የእውነት ከፍሏል። ሦስት ቀን ብቻ ነው የዘገየው፤ ቦርዱም የቦንጋን ደረሰኝ አምጡ ብሎ እንደማይጠይቅ በዚያ ክፍል ያሉት ሦስቱም ያውቃሉ። በዚያ ከሰዓት የሚጸድቀው የ2018 የብድር ዕቅድ የቆመው በዚህች ምጣኔ ላይ መሆኑንም ያውቃሉ።

«የሰኔ 30 ሒሳብ ነው የምናቀርበው» አሉ አቶ ግርማ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ደክሟል። «5.06 ብለሽ ጻፊ። የቦንጋውን ከሥር በማስታወሻ አስገቢው፤ ሐምሌ 3 የተከፈለ መሆኑን በግልጽ አስቀምጪ። ሰናይት፣ አንቺ ደግሞ ስለ ጅማ ዲስትሪክት አንድ ገጽ አዘጋጂ። እኔ ፕሬዚዳንቱ ዘንድ ልውጣ፤ ይህን ከቦርዱ አፍ መስማት የለባቸውም።»

ከፕሬዚዳንቱ ቢሮ የወጡት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ምን እንደተባባሉ አልተናገሩም፤ «ይታተም» ብቻ አሉ። ማርታ ታትመው የነበሩትን ቅጂዎች ከቦርዱ ጸሐፊ ዘንድ ቈጥራ ተረከበች፤ የድሮው ገጽ በአንዱም ውስጥ አለመቅረቱን እያንዳንዱን ገልጣ አረጋገጠች። አዲሶቹ ጠረጴዛው ላይ ሲደረደሩ ወረቀቶቹ ገና ሙቀታቸው አልለቀቃቸውም ነበር።

ስብሰባው ከታሰበው በላይ ረዘመ። ቦርዱ ዕቅዱን አላጸደቀም፤ የጅማ ዲስትሪክት ብድሮች አንድ በአንድ ተመርምረው በሁለት ሳምንት ውስጥ ለኦዲት ኮሚቴው እንዲቀርቡ፣ የብድር ዕቅዱም ከዚያ በኋላ እንዲታይ ወሰነ። አቶ ግርማ ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ኮታቸውን ሰቅለው ተቀመጡና ሁለቱን ሴቶች ጠሩ።

«ስሕተቱን ማን እንዳገኘው ጠይቀውኝ ነበር፤ ስምሽን ነግሬያቸዋለሁ» አሉ ወደ ማርታ ዞረው። «ለኦዲት ኮሚቴው የሚቀርበውን ሥራ ሰናይት ትመራዋለች፤ አንቺም ከእርሷ ጋር ትሠሪያለሽ። የልምምድ ጊዜሽ መቼ ነው የሚያበቃው?»

«በወሩ መጨረሻ ነው።»

«እንግዲያው ለዩኒቨርሲቲው የማራዘሚያ ደብዳቤ ነገ ይጻፍልሽ» አሉ። ሰናይትም የሰባቱን ቅርንጫፎች ዝርዝር ለሁለት ከፍላ የአጋሮንና የቦንጋን ለማርታ ሰጠቻት።