ለጋሽ ሙሉጌታ፦ የጎጃም ጉዞ የሹፌር ማስታወሻ፣ ከኅዳር 17 እስከ 20

ጋሽ ሙሉጌታ፣ እንደምን ሰነበቱ። የእንግዶቹ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ዘጠኝ ገጽ ነው፤ እርስዎን የሚመለከተውን ለይቼ በአማርኛ ጽፌዋለሁ። ከሁሉ በፊት፣ እዚህ ያለው ሰዓት በሙሉ የእኛ ሰዓት ነው። እነሱ በያዙት ወረቀት 7:00 የሚለው ለእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። አምና በአንድ ጉዞ ላይ ሹፌሩ የእንግዶቹን ወረቀት አይቶ በቀኑ 7 ሰዓት መጣ፤ ሰዎቹ ከጠዋት ጀምረው ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር። ቀኑም እንደዚያው ነው፦ የእኛ ኅዳር 17 በእነሱ ኖቬምበር 26 ነው። ሁለቱ ወረቀቶች የማይስማሙ ከመሰለዎት ይህን የእኔን ማስታወሻ ይመኑና ይደውሉልኝ።

እንግዶቹ

ስድስት ናቸው፣ ከጀርመን። አስጎብኚው ሀብታሙ ነው፤ ማስተርጎሙም፣ መነሻ ሰዓት መንገሩም የእሱ ሥራ ነው። ሦስቱን ግን እርስዎም ይወቋቸው።

ትልቋ እናት 74 ዓመታቸው ነው፤ ቀኝ ጉልበታቸው ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። የኮስተሩ ደረጃ ስለሚከብዳቸው ያቺን ትንሽ የእንጨት በርጩማ አይርሱ። ሲወርዱ በግራ እጃቸው ይያዛሉ፤ በቀኝ ምርኩዝ አላቸው። መቀመጫቸው ከበሩ አጠገብ የመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው ሰውዬ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። መድኃኒቱ ሰማያዊ ቦርሳ ውስጥ ነው። ፀሐይ የሚመታው ዳሽቦርድ ላይም ሆነ ሞተሩ የሚያሞቀው ቦታ ላይ አይቀመጥ፤ ከበረዶም ጋር በቀጥታ አይነካካ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ በረዶ ከሆነ ይበላሻል። ምግብ ሲዘገይባቸው ስኳራቸው ይወርዳል። ላብ ካጠመቃቸው፣ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ ወይም ንግግራቸው ከተምታታ መኪናውን ዳር ያዙና ወዲያው ጣፋጭ ለስላሳ ይስጧቸው። ሁለት ጠርሙስ ከመቀመጫዎ ሥር አስቀምጫለሁ፤ ለሌላ ሰው አይከፈትም።

ሦስተኛዋ ወጣት ሥጋም ወተትም አትነካም። የገና ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ በየመንገዱ የጾም ምግብ ይገኛል፤ "የጾም" ካሉ በቂ ነው። ሌሎቹ ግን የፍስክ ይፈልጋሉ፣ ይህንን ለምግብ ቤቶቹ ቀድሜ ነግሬያለሁ።

ረቡዕ ኅዳር 17፦ አዲስ አበባ – ደብረ ማርቆስ

ነዳጅ ማክሰኞ ማታ ሙሉ ይደረግ፤ ጠዋት ሰልፍ ይዘን እንግዳ አናስጠብቅም። ከእንግዳ ማረፊያው 12:30 ይነሳሉ። ደብረ ሊባኖስ 3 ሰዓት አካባቢ፣ ቆይታው አንድ ሰዓት። ከዚያ በቀጥታ ጎሐ ጽዮን፣ ለሽንት ቤትና ለቡና ብቻ።

የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ፎቶ ማንሳት ይፈልጋሉ። ሰፊ ዳር ያለበትን ቦታ እርስዎ ያውቁታል፤ ኩርባ ላይ ማንም ቢለምን አይቁሙ። ማርሽ አሳንሰው በቀስታ ይውረዱ፣ ፍሬን እንዳይግል። ድልድዩ ላይ መቆምም ፎቶም ክልክል ነው፤ ሀብታሙ ከመድረሳችሁ በፊት ካሜራ ያስቀምጡ ይላቸዋል፣ እርስዎም ቀድመው ያስታውሱት። ታች ሙቀቱ ስለሚከብድ ውኃው በእጅ የሚደረስበት ቦታ ይሁን።

ምሳ ደጀን 7:15። ይህ ሰዓት ለስኳር ሕመምተኛው ሲባል የተቆረጠ ነው፤ የጭነት መኪና ሰልፍ ካጋጠመና የሚዘገይ ከሆነ ለሀብታሙ ይንገሩት፣ መክሰሳቸውን መኪና ውስጥ ይብሉ። ደብረ ማርቆስ 9:30 ይገባሉ።

ሐሙስ ኅዳር 18፦ ደብረ ማርቆስ – እንጅባራ

ጠዋት 2 ሰዓት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥትና የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ያያሉ፤ ከመኪና መውረጃው ለትልቋ እናት ቅርብ ይሁን። 4:30 ተነስተው ምሳ ቡሬ። ከሰዓት ዘንገና ሐይቅ፤ ወደ ውኃው ለመውረድ የሚያቅማሙት ከእርስዎ ጋር ከላይ ይቆያሉ። ማታ እንጅባራ ያድራሉ። ብርድ ነው፤ ብርድ ልብስ እንዲጨምሩላቸው ለሆቴሉ ነግሬያለሁ። ነዳጅ ማታውን ይሞሉ።

ዓርብ ኅዳር 19፦ ግሽ ዓባይ – ባሕር ዳር

የእንግሊዝኛው ወረቀት "ከቁርስ በኋላ የዓባይን ምንጭ ይጎበኛሉ" ይላል። ይህን ሰርዤዋለሁ። ግሽ ዓባይ ጸበል ነው፣ ምግብ የቀመሰ ሰው ወደ ምንጩ አይጠጋም። ወረቀቱን የጻፈው ሰው አላወቀም፣ ሰዎቹ ግን ለዚህ ብለው ከሩቅ የመጡ ናቸው፤ በር ላይ ደርሰው መመለሳቸው ያሳዝነኛል። ስለዚህ ቁርሱ ተቋጥሮ መኪና ውስጥ ይገባል፣ ከእንጅባራ 12:30 ተነስተው በቲሊሊ በኩል ወደ ሰከላ ይሄዳሉ።

የስኳር ሕመምተኛው ግን ባዶ ሆድ አይጓዙም። ሆቴል ውስጥ ይበላሉ፣ ምንጩንም ከሩቅ ያዩታል። ይህን በስልክ አስረድቻቸው በደስታ ተቀብለዋል። ሌሎቹ ሲገቡ እርስዎ ከእሳቸው ጋር ይቆዩልኝ፣ ብቻቸውን አይተዉ። መኪና ውስጥም በሌሎቹ ፊት ምንም ዓይነት ምግብ አይከፈት፤ ሳያስቡት ብስኩት የሚቀምስ አይጠፋም። የዕለቱ ገጠመኝ እንዳይበላሽ ሀብታሙ ጠዋት ደግሞ ያስታውሳቸዋል። ቀሳውስቱን ሰላም ብለው ይጠይቁ፤ ጫማ አውልቀው፣ ሴቶቹ ነጠላ ለብሰው ይገባሉ። ነጠላው ከኋላ ወንበር ላይ ባለው ከረጢት ውስጥ ነው፣ አራት ነው።

ሲወጡ ቁርሱ ሜዳው ላይ ይዘርጋ። 5 ሰዓት ሳይሞላ ተነስተው በእንጅባራና በዳንግላ አድርገው ባሕር ዳር 9 ሰዓት አካባቢ ይገባሉ። በወረቀቱ ላይ ጢስ ዓባይ አለ፤ ጊዜ ስለማይበቃ ቀርቷል። ከጠየቁ ሀብታሙ ይመልስላቸው።

ቅዳሜ ኅዳር 20፦ ዘጌ፣ ከዚያ አየር ማረፊያ

1:30 ወደብ ያድርሷቸው። ጀልባው ወደ ዘጌ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ይሄዳል፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይተው 6:30 ይመለሳሉ። ትልቋ እናት መውጣቱ ካቃታቸው ከጀልባው አይወርዱም፤ ውሳኔው የእሳቸው ነው። ያኔ እርስዎ ነፃ ነዎት፤ መኪናውን ያሳጥቡ፣ ይረፉ። ከምሳ በኋላ 9 ሰዓት አየር ማረፊያ። ሻንጣው ሰባት ነው፤ ሰማያዊው ቦርሳ በእጅ የሚያዝ እንጂ የሚጫን አይደለም።

መንገድና ስልክ

በጨለማ አይነዱም፤ ማታ 12 ሰዓት ሳይሆን ከተማ ይግቡ። በየጠዋቱ ከመነሳትዎ በፊት ስለ መንገዱ ይደውሉልኝ፤ እኔም ከየከተማው ሆቴሎች ጠይቄ እጠብቅዎታለሁ። ቁም ከተባሉ ይቁሙ፣ ወረቀት ይስጡ፣ ክርክር ውስጥ አይግቡ፣ ከዚያ ይደውሉ። ፕሮግራሙ ቢቃወስ ስለ ገንዘቡ አይጨነቁ፤ እኔ አለሁ።

ቁጥሮቹን ዛሬ ስልክዎ ላይ ራሴ መዝግቤልዎታለሁ፣ በአማርኛ፦ "ቢሮ ሰላም" እኔ ነኝ፣ ሌሊትም ቢሆን ክፍት ነው። "ሀብታሙ አስጎብኚ"፣ "ማርቆስ ሆቴል"፣ "እንጅባራ ሆቴል"፣ "ባሕር ዳር ሆቴል"፣ "ጀልባ ዘጌ"። ለመኪና ብልሽት "ጋራዥ ማርቆስ" እና "ጋራዥ ባሕር ዳር" አሉ። ሰው ከታመመ መጀመሪያ 907 አምቡላንስ፣ ወዲያው እኔ። በረሃው ውስጥ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ከጎሐ ጽዮን ሲነሱ "ወረድኩ"፣ ደጀን ሲደርሱ "ወጣሁ" ብለው አጭር መልእክት ይላኩልኝ።

ሰላም፣ ከቢሮ