ቤተ መጻሕፍታችን ስለመዘጋቱ ለአባላት የተደረገ ንግግር

እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እናንተም ልጆች፤ ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም አላደርገውም። ቤተ መጻሕፍታችን ከነገ ጀምሮ ይዘጋል። ለጊዜው ሳይሆን ለዘለቄታው ነው የሚዘጋው። ኮሚቴው ትናንት ማታ ወስኗል፤ ከሌላ ሰው ከመስማታችሁ በፊት ከእኛ እንድትሰሙት ብለን ነው የጠራናችሁ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። በኋለኛው ግድግዳ ላይ ያለውን ስንጥቅ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ የልስን ስንጥቅ መስሎን ነበር። መሐንዲሱ መጥቶ ሲያየው በስንጥቁ ላይ አግድም ሁለት ቀጫጭን መስታወቶች ለጠፈበት። ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ መስታወቱ ደህና ይሆናል፤ ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። ክረምቱ ሳይወጣ ሁለቱም ተሰበሩ። ከመሠረቱ ሥር ያለው አፈር እየሰመጠ ነው፤ ግድግዳውም አብሮት እየወረደ ነው። ትልቁን የንባብ አዳራሽ ያኔ የዘጋነው ለዚህ ነበር። አሁን ስንጥቁ ወደ ፊተኛው ክፍል አልፏል።

ማደስ ይቻላል ወይ? ይቻላል። ግን የኋላውን ክፍል አፍርሶ፣ መሠረቱን እንደገና ቆፍሮ መሥራት ይጠይቃል። በካዝናችን ያለው ገንዘብ የዚያን ሲሶ እንኳን አይሸፍንም። መበደርንም አይተነዋል። ዕዳው ዞሮ ዞሮ የሚወድቀው እናንተ ላይ ነው፤ ወርሃዊ መዋጮውን በመከራ የሚከፍሉ አባላት እንዳሉን ደግሞ እናውቃለን። እነሱን በዚህ መድረክ ፊት እጅ እንዲያወጡ ማስገደድ አልፈለግንም።

ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አልነበረም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንታገሥ ያሉ የኮሚቴ አባላት ነበሩ። ሐሳባቸው ቀላል አይደለም፤ እኔም ልቤ ወደዚያው ነበር። ግን ሕፃናት የሚቀመጡበት ቤት ነው። መስታወቱ ተሰብሮ እያየን ልጅ አናስገባም።

ቤቱ ሲሠራ ድንጋይ የተሸከማችሁ ዛሬ እዚህ ተቀምጣችኋል። አንዳንዶቻችሁ ልጆቻችሁ ፊደል የለዩት እዚያው ነው። ለእናንተ «አይዟችሁ፣ ሕንፃ እኮ ነው» አልልም። ሕንፃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ለመናገር ይህን ያህል ባልከበደኝ።

ሁለቱ ሠራተኞቻችን፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊና ጥበቃው፣ ዛሬ ጠዋት ከእናንተ ቀድመው ሰምተዋል። በወጉም እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። የሚገባቸው የስንብት ክፍያ ተቀምጧል፤ ከካዝናው ቀድሞ የሚወጣውም እሱ ነው። ኃላፊዋ የተቀደደ መጽሐፍ ጀርባ በጨርቅና በሙጫ እየጠገነች ለሚቀጥለው ልጅ ስታደርስ ኖራለች። መደርደሪያው ላይ ጀርባው ጨርቅ የሆነ መጽሐፍ ሁሉ በእጇ ያለፈ ነው። ሥራ የምታውቁላቸው ካላችሁ እባካችሁ አሳውቁን፤ ምስክርነት በደስታ እንጽፋለን።

መጻሕፍቱ አይበተኑም። አጠገባችን ያለው ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ሰጥቶናል፤ መጻሕፍቱን መሐንዲሱ ባለበት ባለሙያዎች ያወጧቸዋል። እናግዝ የምትሉ ወጣቶች እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፤ ሸክሙን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀበሉን እንጂ ቤቱ ውስጥ አትግቡ። የተዋሳችሁት መጽሐፍ ካለ እዚያው ትመልሳላችሁ። ቅጣት የለም፣ የቆየም ቢሆን።

የፈተና ተማሪዎች፣ የናንተ ነገር ነው ይበልጥ ያሳሰበን። በእነዚያው ክፍሎች ከሰኞ ጀምሮ ማታ ማታ ማጥናት ትችላላችሁ። ጠባብ ነው፤ እንደለመዳችሁት አይሆንም። ቅድሚያው ግን የእናንተ ነው።

ለማደሻ ብላችሁ ያዋጣችሁት ገንዘብ ለብቻው ተቀምጧል። መልሱልኝ ያለ ይመለስለታል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ከመዘጋቱ በፊት አንድ ቀን ገብተን እንሰናበተው ያላችሁም ነበራችሁ። ጥያቄው ገብቶናል፤ ነገር ግን አንፈቅድም። ሰው በብዛት የሚገባበት ቀን ነው ይበልጥ የሚያስፈራው። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ክፍት ይሆናል። ከዛፉ ሥር፣ ከግድግዳው ርቀን፣ መቀመጥ እንችላለን። ንግግር አይኖርም። መምጣት የፈለገ ይመጣል።

ወደፊት ሌላ ቤት ይኖረን ይሆን? ዛሬ ቃል ብገባላችሁ ከአንገት በላይ ይሆንብኛል። ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል፤ ከዚያ ያለፈ የምለው የለኝም።

አሁን መድረኩ የእናንተ ነው። ጥያቄም፣ ቅሬታም፣ ንዴትም ያለው ይናገር፤ እንሰማለን። ሒሳብ ሹሟ መዝገቡን፣ መሐንዲሱም ሪፖርቱን ይዘው እዚህ ከፊት ተቀምጠዋል። መናገር ሳይሆን ዝም ብሎ መቀመጥ የሚሻለውም ይቀመጥ፤ አዳራሹን እስከ ማታ ይዘነዋል። እማማ፣ እጅዎን አይቻለሁ፤ ከእርስዎ እንጀምር።